የእናቴን ኦፓል ከእሳት ያተረፈው ብር ሠሪ

ባሕር ዳር ውስጥ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ያለበት ቀለበት ወይም የአንገት ጌጥ ያላችሁ ሰዎች፣ ጌጡ ሲላላ ወይም ሲሰበር ለማን እንደምትሰጡት አስቀድማችሁ ብታስቡበት ይሻላል። እኔ የምጠቁማችሁ ከጣና ዳር ብዙ ሳይርቅ በአንዲት ጠባብ ሱቅ የሚሠራ፣ ተወልዶ ያደገው ኦፓል በሚወጣበት በወሎ ደላንታ የሆነ ብር ሠሪ ነው። ስሙን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀኝ አልጽፈውም። የሚፈልገው ሰው በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፤ ሱቁን አመላክተዋለሁ።

ነገሩ የእናቴ ቀለበት ነው። ወንድሜ ከወሎ ያመጣላት የወገል ጤና ኦፓል አለበት፤ መልኩ ወተት የመሰለ ሆኖ፣ ሲያዘነብሉት አረንጓዴና ቀይ ቀለም ከውስጡ ብልጭ ይላል። ለፋሲካ ልብስ ስታጥብ ቀለበቱ ከጣቷ ሾልኮ ሳፋው ውስጥ አደረ። ጠዋት ሲገኝ ድንጋዩ እንደ መስታወት ጠርቶ ከሥሩ ያለው ብር ይታያል፤ ከዚያ ሁሉ ቀለም አንዱም የለም። ድንጋዩን ይዘው ከሚቆሙት የብር ጥፍሮች አንዱም ተሰብሯል። ጎረቤት ተሰበሰበና ፍርድ ሰጠ፦ «ፕላስቲክ ነው የሸጡላችሁ።» አንዷ ከሰል ምድጃ አጠገብ አስቀምጡት አለች፤ ሌላዋ ደግሞ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይምታው አለች። የባሕር ዳርን የመጋቢትና የሚያዝያ ፀሐይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ የወሰድንበት ሱቅ ደግሞ ጥፍሩን ድንጋዩ እንዳለ በእሳት በይዶ ወዲያውኑ ሊመልስልን ፈቃደኛ ነበር። እናቴ ግን የሱቁ ልጅ ድንጋዩን ዓይቶ እንኳን አላየውም ብላ ይዛው ወጣች። እኔም ከዚያ በኋላ ነው ወደ ደላንታው ልጅ የወሰድኳት።

እሱ ቀለበቱን ተቀብሎ ከመናገሩ በፊት በአጉሊ መነጽር ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እናቴን «እማማ፣ ድንጋይዎ አልተበላሸም፤ ውሃ ጠጥቶ ነው» አላት። እናቴ አላመነችውም። እኔም ፈገግ አልኩ። እሱ ግን አልተቀየመም፤ በርጩማ ሰጥቶ አስቀመጣትና ነገሩን ከሥሩ አስረዳን።

ኦፓል ክሪስታል አይደለም። በጣም ጥቃቅን ከሆኑ የሲሊካ ክብ ቅንጣቶች የተሠራ ሲሆን በውስጡ ውሃ አለ። ብዙውን ጊዜ ከክብደቱ ከ3 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ውሃ ነው፤ ከዚያም በላይ የሚይዝ አለ። ቅንጣቶቹ በሥርዓት ሲደረደሩ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ብርሃኑን ይሰባብረዋል፤ ያ የምንወደው ቀለም የሚመጣው ከዚያ ነው። የወገል ጤናው ኦፓል ልዩ ጠባይ ደግሞ ክፍተቶቹ ወደ ውጭ ክፍት መሆናቸው ነው። ውሃ ሲያገኝ ይመጥጣል። ክፍተቱ በአየር ፋንታ በውሃ ሲሞላ በቅንጣቱና በክፍተቱ መካከል ያለው ልዩነት በጣም ይቀንሳል፤ ብርሃኑም ብዙም ሳይሰበር ያልፋል። ድንጋዩ የሚጠራውና ቀለሙ የሚደበቀው ለዚህ ነው። ውሃው ሲወጣ ቀለሙ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ነው አደጋው የተደበቀው። መምጠጡ ራሱ ብዙ ጊዜ ድንጋዩን አይጎዳውም፤ የሚጎዳው የአደራረቁ ፍጥነት ነው። ምድጃ ወይም ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ የላይኛው ሽፋን ቶሎ ይደርቅና ይኮማተራል፣ ውስጡ ግን ገና ርጥብ ስለሆነ በቦታው ይቆያል። ላዩ ሲጨማደድ ውስጡ አልከተልም ይላል፤ በዚያ ጉተታ ላዩ ይቀደዳል። በበጋ ዋልካ መሬት ሲሰነጣጠቅ ያየ ሰው የኦፓልን አሰነጣጠቅ ያውቀዋል፤ መስመሮቹ እንዲሁ እየተገናኙ መረብ ይሠራሉ። እሱ እንዳለው አንድ ጊዜ መረቡ ከታየ መልሶ የሚያጣብቀው ነገር የለም። ስንጥቁ ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ ድንጋዩን እንደገና ሞርዶ ማዳን ይቻላል፤ ድንጋዩ ግን ያንሳል። ጥልቅ ከሆነ አበቃ።

የእሳቱ ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። ብር የሚበየድበት ማጣበቂያ ብረት የሚቀልጠው ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። ብር ደግሞ ሙቀት በማስተላለፍ ከብረታ ብረት ሁሉ ቀዳሚ ስለሆነ፣ ነበልባሉ ጥፍሩን ብቻ ቢነካም ሙቀቱ በቅጽበት ድንጋዩ ሥር ይደርሳል። ኦፓል በተቃራኒው ሙቀት በደንብ አያስተላልፍም፤ የተነካው ጎን ሲለጠጥ ሌላው ጎን እንደቀዘቀዘ ይቀራል። በዚያ ላይ የእናቴ ድንጋይ ውሃ የሞላበት ነበር፤ ያ ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ የሚወጣበት ጊዜ አያገኝም። በክፍተቶቹ ካለው ሌላ ደግሞ ከሲሊካው ጋር የተቆራኘ ውሃ አለ፤ ኃይለኛ ሙቀት እሱንም ያስወጣዋል፣ እሱ ከወጣ ደግሞ ድንጋዩ ወደ ቀድሞው አይመለስም። ስለዚህ የእሱ ሱቅ ደንብ አጭር ናት፦ ድንጋዩ ሳይወጣ እሳት አይቀጣጠልም።

የሠራውንም ዓይኔ እያየ ነው። ጥፍሮቹን በቀጭን መሣሪያ አንድ በአንድ ቀና አድርጎ ድንጋዩን በመዳፉ ላይ ጣለው። የሳሙናው ቅሪት ከውስጡ እንዲወጣ ለጥቂት ጊዜ በንጹህ ውሃ ውስጥ አኖረው፤ ውሃው ከቤቱ ሙቀት እንዳይለይ ቀድሞ በብርጭቆ ቀድቶ አስቀምጦት ነበር። ከዚያ በጥጥ ጨርቅ አድርቆ የወርቅ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠው፦ 11.2 ካራት። ቁጥሩን በደብተሩ ጻፈ። ድንጋዩን በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ክዳኑን ገርበብ ባደረገው ትንሽ ሣጥን ውስጥ ከተተና ፀሐይ ከማይደርስበት፣ የቬንቲሌተር ንፋስም ከማይመታው መደርደሪያ ላይ አኖረው። «አሁን የምንጠብቀው ሚዛኑን ነው» አለ።

እኔ ለመጠየቅ ብቅ ባልኩ ቁጥር ደብተሩን ያሳየኝ ነበር። ቁጥሩ መጀመሪያ በፍጥነት፣ በኋላ እየተንቀረፈፈ ይወርዳል። በመካከሉ ድንጋዩ ደብዝዞ ኖራ መሰለ፤ ቀለምም ጥራትም የለውም። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ፀሐይ የሚያወጣው በዚህ ጊዜ ነው አለኝ፤ ግማሹ ክፍተት ውሃ፣ ግማሹ አየር ሲሆን ብርሃኑ በየአቅጣጫው ስለሚበተን ድንጋዩ እንዲያ ይነጣል። ከዚያ ቀይዋ ከአንድ ጥግ ብቅ አለች። ሚዛኑ 10.3 ካራት ላይ ደርሶ በተከታታይ ሲመዘን አልንቀሳቀስ ሲል ደርቋል ብሎ ፈረደ። ልዩነቱ 0.9 ካራት ነው፤ ካራት 0.2 ግራም ስለሆነ 0.18 ግራም ውሃ፣ ማለትም ሦስት አራት ጠብታ ያህል መሆኑ ነው። ያን ሁሉ ትዕግሥት የጠየቀው ይኸው ነው! ለድንጋዩ ግን ከደረቅ ክብደቱ ወደ 9 በመቶ ይጠጋል።

ጥፍሩን የበየደው ድንጋዩ በሣጥኑ ውስጥ እያለ ነው። ብሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘና ከተወለወለ በኋላ ኦፓሉን መለሰበት። በመጨረሻ መብራት ከጎን አብርቶ አጉሊ መነጽሩን ሰጠኝና ድንጋዩን ቀስ እያልኩ እንዳዘነብል ነገረኝ። ስንጥቅ ካለ ከላይ በሚመጣ ብርሃን አይታይም፤ ከጎን ሲበራበት ግን እንደ ብር ክር ያበራል። የእኛው ላይ አንድም አላገኘሁም።

ለሚገዙ ሰዎች የሚጠቅም አንድ ነገርም ነግሮኛል። ርጥብ ድንጋይ ስንጥቁን ይደብቃል፤ ውሃው ስንጥቁንም ስለሚሞላው ነው። በውሃ ጠርሙስ ውስጥ የተቀመጠ ኦፓል ሲያሳዩአችሁ አውጡልኝ፣ ደርቆ ልየው በሉ። ቡናማ የሆነው የመንዝ መዘዞ ድንጋይ ቀድሞ የታወቀ ቢሆንም ሲደርቅ በመሰንጠቅ ስሙ ተበላሽቷል፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የተገኘው የወገል ጤናው በአብዛኛው የተሻለ ይጸናል። በአብዛኛው ነው እንጂ ሁሉም አይደለም። እሱ ራሱ ዋስትና አይሰጥም፤ ድንጋዩን ሲረከበን በመድረቅ ላይ ሳለ ሊሰነጠቅ እንደሚችል ለእናቴ በግልጽ ነግሯታል። ይህን መናገሩ ነው ይበልጥ ያሳመነኝ።

ለእናቴ የሰጣት ትእዛዝ ብዙ አይደለም። ስትታጠብና ልብስ ስታጥብ ታውልቀው። ምጣድ ስታሰማ ጣቷ ላይ አይኑር። መኪና ውስጥ መስታወቱ ሥር አይቀመጥ። ሲቆሽሽ በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ማበስ ይበቃል፤ በእንፋሎትና በንዝረት የሚያጸዱ ማሽኖች አይንኩት። ተራ የቤት አየር ይስማማዋል፤ በበጋ ትንሽ ቢደርቅ፣ በክረምት ትንሽ ቢረጥብ ለውጡ ዝግተኛ ስለሆነ አይጎዳውም። እናቴ ይደርቅብኛል ብላ ቅቤ ልትቀባው አስባ ነበር! ያንን ሲሰማ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ ያደረገው። ውሃ የመጠጠ ድንጋይ ቅባትም ይመጥጣል፤ ውሃው ተንኖ ይወጣል፣ ቅባቱ ግን እዚያው ቀርቶ ድንጋዩን ቢጫ ያደርገዋል። ሽቶና የእጅ ቅባትም እንደዚሁ ናቸው። ፀጉሯን ቅቤ በተቀባች ቀን ቀለበቱ ሣጥን ውስጥ ይዋል ተባለ፤ ተስማማች።

ነቀፌታ ካላችሁኝ፣ ስልክ አያነሳም። ለነገ እፈልገዋለሁ የሚል ሰውም እሱ ዘንድ አይሂድ፤ ለሠርግ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ስጡት። ዋጋው ከሌሎቹ ትንሽ ይወደዳል፤ ግን ለብየዳው ብቻ እንጂ ድንጋዩን በመደርደሪያው ላይ ላስቀመጠበትና ለመዘነበት አላስከፈለንም። እናቴ ይህን አይታ ልጄ እያለች መርቃዋለች፤ እኔ ደግሞ ይህን ጽፌለታለሁ። ጠዋት ድንጋይ ስለሚሞርድ ሱቁ በአቧራ የተሞላ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ ተረጋግቶ ያናግራችኋል።