ለቤተሰብ ስንት ሜጋ ይበቃል? 480p፣ 720p፣ 1080p እና ፎር ኬ በዋጋቸው ሲመዘኑ

ከጓደኞቼም ከዘመዶቼም የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ቪዲዮው እየቆመ ይሽከረከርብናል፤ ከ10 ሜጋ ወደ 20 ልቀይር ወይስ ወደ 50?» ብዙዎቹ ሲጠይቁኝ ብሩን ለመክፈል ወስነው ጨርሰዋል። የጥቅል ልዩነት ግን አንዴ ተከፍሎ የሚረሳ ወጪ አይደለም፤ በየወሩ ይመለሳል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

አቋሜን አልደብቅም። አራት አምስት ሰው ለሚኖርበት ቤት ምርጫዬ ያልተገደበ የ10 ሜጋ የቤት መስመር፣ የምስሉ ጥራት ሳሎን ላይ 720p፣ ልጆች ስልክ ላይ ደግሞ 480p ነው። ከዚያ በላይ የሚከፈለው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ሽክርክሪቱን አያስቆመውም።

ዩቲዩብ ራሱ የሚመክረው ፍጥነት ለ480p 1.1 ሜጋ፣ ለ720p 2.5፣ ለ1080p 5፣ ለፎር ኬ 20 ሜጋ ቢት በሰከንድ ነው። ኔትፍሊክስም ሩቅ አይሄድም፤ ለ720p 3፣ ለ1080p 5፣ ለፎር ኬ 15 ይላል። ልብ በሉ፣ ይህ ለአንድ ስክሪን ነው። ከ720p ወደ 1080p ስትወጡ ፍላጎቱ እጥፍ ይሆናል፤ ወደ ፎር ኬ ስትዘሉ ደግሞ ከ720p ስምንት እጥፍ ነው።

አሁን ወደ ብር እንቀይረው። ሰከንዱ ላይ 1 ሜጋ ቢት የሚያልፍበት መስመር በሰዓት 0.45 ጊጋባይት ያወርዳል። በዚህ ስሌት 480p በሰዓት ግማሽ ጊጋ፣ 720p 1.1 ገደማ፣ 1080p 2.25፣ ፎር ኬ 9 ጊጋ ድረስ ይበላል። ትክክለኛው ፍጆታ ከዚህ ሊያንስ ይችላል፤ ለበጀት ግን ከፍተኛውን መያዝ ይሻላል። የሞባይል ዳታን ጊጋውን በ20 ብር እናስበው (እናንተ የምትገዙበትን ዋጋ አስገቡበት)። ቤተሰቡ ማታ ማታ ሦስት ሰዓት ቢያይ በወር 90 ሰዓት ነው። በ720p 101 ጊጋ፣ 2,025 ብር። በ1080p 4,050 ብር። በፎር ኬ 810 ጊጋ፣ 16,200 ብር። ይህ ለሳሎኑ ቲቪ ብቻ ነው፤ የልጆቹ ስልክ ገና አልተቆጠረም። የሞባይል ዳታ በሲም ራውተር ለቤተሰብ ቪዲዮ ዋና መስመር አድርጎ መያዝ አያዋጣም የምለው ለዚህ ነው። የቤቱ መስመር ሲጠፋ ለመጠባበቂያ ይሁን፤ ያኔም በ480p።

«ግን ምስሉ ይደበዝዛል» ለሚሉኝ መልሱ ሶፋው ያለበት ቦታ ላይ ነው። ባለ 43 ኢንች ቲቪ ወርዱ 95 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ጤናማ ዓይን ከ1.7 ሜትር በላይ ርቆ ሲያይ የ1080p ነጥቦችን ለይቶ ማየት ያቆማል፤ የ720p ነጥቦች ደግሞ ከ2.5 ሜትር በላይ ይጠፋሉ። ሜትር አምጥታችሁ ለኩ። በብዙ ሳሎን ሶፋው ከቲቪው ሁለት ሜትር ተኩልና ከዚያ በላይ ይርቃል። እዚያ ተቀምጦ ለፎር ኬ መክፈል ዓይን ለማይቀበለው ነገር መክፈል ነው። ለ720p የማልከራከርለት አንድ ቦታ ኳስ ነው። ካሜራው ሲሮጥና ሣሩ ሲንቀሳቀስ ምስሉ ካሬ ካሬ ይሆናል፤ መስመሩ ነፃ በሆነበት ሰዓት ለኳስ 1080p ብትከፍቱ አልቃወምም።

መስመሩ ነፃ የሚሆንበትን ሰዓት ለማወቅ ግን የአንድ ምሽት ሒሳብ እንሥራ። ምሽት ሁለት ሰዓት ነው፤ ቤቱ 10 ሜጋ አለው። አባት ሳሎን ውስጥ ኳስ በቀጥታ በ1080p ያያል፦ 5 ሜጋ። ትልቁ ልጅ ላፕቶፕ ላይ በ720p ትምህርት ይከታተላል፦ 2.5። ትንሿ ስልክ ላይ ካርቱን በ480p፦ 1.1። እናት አሜሪካ ካለች እህቷ ጋር በቪዲዮ ታወራለች፦ 1.2 ገደማ። ድምሩ 9.8 ነው። መስመሩ ሞላ፤ አንዱ ስልክ አፕሊኬሽን ማዘመን በጀመረባት ደቂቃ ኳሱ ይቆማል። ሳሎኑን ወደ 720p ብናወርደው ድምሩ 7.3 ይሆናል፤ 2.7 ሜጋ ትርፍ ይቀራል። ያች ትርፍ ናት ሽክርክሪቱን የምታስቀረው። ማንም ብር አልጨመረም።

መጀመሪያ የሚቆመው ኳሱ የሚሆንበት ምክንያት አለ። ማጫወቻው ቪዲዮውን በጥቂት ሰከንድ ቁራጭ ቁራጭ እያወረደ ቀድሞ ያጠራቅማል፤ ጣሪያ ላይ እንዳለው ሮቶ ነው፣ መስመሩ ቢቋረጥም የተጠራቀመው እስኪያልቅ ቤተሰቡ አያውቅም። ድራማ ሲሆን ብዙ ያጠራቅማል። ኳስ ግን ገና እየተጫወቱት ስለሆነ ወደፊት የሚጠራቀም ነገር የለም፤ የሚይዘው ትንሽ ነው፣ ቶሎም ያልቃል። ጥራቱን Auto ላይ ከተዋችሁት መስመሩ ሲደክም ማጫወቻው ራሱ ምስሉን ዝቅ አድርጎ ይቀጥላል። በእጃችሁ 1080p ላይ ቆልፋችሁት ከሆነ ዝቅ ማለት አይችልም፤ ይቆማል። የልጆቹን ስልክ ዩቲዩብ ውስጥ ገብታችሁ የዋይፋዩን ጥራት Data saver ላይ አድርጉት። ኔትፍሊክስ ላይ ደግሞ በእያንዳንዱ ፕሮፋይል የ Playback settings ገጽ የዳታ መጠኑን Medium ማድረግ ይቻላል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ከተሽከረከረ ጥቅል ለመጨመር አትሩጡ። ስልካችሁን ይዛችሁ ራውተሩ አጠገብ ቁሙ፤ ሌላው ሰው ሁሉ መጠቀሙን ያቁም፤ fast.com ክፈቱ። ይህ ገጽ የሚለካው ከኔትፍሊክስ ሰርቨሮች ስለሆነ ቪዲዮው የሚመጣበትን መንገድ ይነግራችኋል። ቀጥሎ ያንኑ ቲቪው አጠገብ ድገሙ። ራውተሩ ጋ 9 እና 10 እያለ ቲቪው ጋ 3 ካለ፣ ችግሩ ዋይፋዩ ነው። 50 ሜጋ ብትገዙም ቲቪው ጋ የሚደርሰው ያው ይሆናል። ራውተሩ አጠገብም ምሽት ላይ ብቻ ከወረደና ንጋት ላይ ከሞላ፣ መጨናነቁ ከቤታችሁ ውጭ ነው፤ ያኔ የምሽቱንና የንጋቱን ልኬት ጽፋችሁ አቅራቢውን ጠይቁ። ፋይበር ካላችሁ ደግሞ የሳጥኑን LOS መብራት እዩ። ቀይ ብልጭ ካለ፣ ቀጭኗ የፋይበር ሽቦ ቁም ሳጥን ሥር ተጣጥፋ ወይም ተረግጣ ሊሆን ይችላል። ክብ አድርጋችሁ በሰፊው አስቀምጧት፤ በሹል ማዕዘን አትጠፏት።

ጎረቤታችን ያለች እትዬ ጥቅሏን ከፍ አድርጋ ወራት ከፈለች፤ ሽክርክሪቱ ግን አልሄደም። ሄጄ ሳየው ራውተሩ መኝታ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር፣ በመሃል ሁለት የብሎኬት ግድግዳ። ዋይፋዩ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ነበር የሚሠራው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ 2.4 ላይ የሁሉም ጎረቤት ራውተር ይጋፋል፤ እርስ በርስ የማይነካኩ ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። 5 ጊጋኸርዙ የተሻለ ነፃ ነው፣ ግን ሁለት ግድግዳ አልፎ ይደክማል። መፍትሔው 15 ሜትር የኔትወርክ ኬብል ነበር። የመጀመሪያው ኬብል ግን ኮፒ ወጣ። ላዩ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ በማዕዘኑ ሲታጠፍ ውስጥ ለውስጥ ተሰበረና ግንኙነቱ ይቆራረጥ ጀመር። ኬብል ስትገዙ ጫፉን በምላጭ ፋቁት፤ ውስጡ ነጭ ካበራ መልሱት፣ መዳቡ እስከ ውስጥ ቀይ መሆን አለበት። ክብደቱም ይለያል። ደህናው ኬብል ትንሽ ይወደዳል፣ ግን የሚከፈለው አንዴ ነው። እትዬ ኬብሉ ከተዘረጋ በኋላ ወደ 10 ሜጋ ተመለሰች፤ ሳሎኗ አልቆመም።

ከኬብሉ የባሰ ኮፒ ያለው አንድሮይድ ቦክስ ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ ፎር ኬ አልፎም ኤይት ኬ ይጻፋል። ብዙዎቹ ርካሽ ቦክሶች ኔትፍሊክስ የሚጠይቀው ዋይድቫይን የተባለው የቪዲዮ ቅጂ መከላከያ ከፍተኛ ደረጃ የላቸውም፤ ስለዚህ መስመራችሁ 100 ሜጋ ቢሆን እንኳ ኔትፍሊክስ በእነሱ ላይ ከ480p አካባቢ አያልፍም። ሱቅ ውስጥ እያላችሁ DRM Info የሚባለውን አፕ ቦክሱ ላይ ጭናችሁ Widevine ሥር ያለውን Security Level እዩ። L3 ካለ ለኔትፍሊክስ አትግዙት። L1 ቢልም ኔትፍሊክስ የራሱ ፈቃድ ስላለው ፊልም ከፍታችሁ በዓይናችሁ አረጋግጡ። ሌላው የቦክስ በሽታ አቅም ማነስ ነው። ዩቲዩብ ላይ Stats for nerds ስትከፍቱ Buffer Health፣ ማለትም ቀድሞ የተጠራቀመው ቪዲዮ፣ 20 ሰከንድ እያለ ምስሉ ከተንቀጠቀጠና የጠፉት ፍሬሞች ቁጥር እየጨመረ ከሄደ፣ ቪዲዮው ደርሷል፤ ቦክሱ ነው መፍታት ያቃተው። ቲቪያችሁ ኦሪጅናል ስማርት ከሆነ ቦክሱን ጨርሶ አትግዙ፤ የቲቪው አፕ ይሻላል።

ታዲያ ወደ 20 እና ከዚያ በላይ መውጣት ያለበት ማነው? ሁለት ትልልቅ ቲቪ በአንድ ሰዓት በ1080p የሚያይ ቤት፤ ከቤት እየሠራ ከባድ ፋይል የሚልክ ሰው ያለበት ቤት፤ ወይም ባለ 65 ኢንች ቲቪውን ከሁለት ሜትር የሚያይ ቤተሰብ። ፎር ኬ የሚያምራቸው ደግሞ ለአንዱ ስክሪን ብቻ 20 ሜጋ፣ ለቀሩት ቢያንስ 5 ጨምረው 25 ማሰብ አለባቸው፤ ቲቪውም በዋይፋይ ሳይሆን በመዳብ ኬብል ይያያዝ።