«ግራጫ ካርድ» የሚሉትን ሳትፈትኑ ብር እንዳትከፍሉ

ሰርግና መልስ የምታነሱ ፎቶግራፈሮች፣ በ1,500 ብር የገዛሁት ካርድ የሰው መልስ ሊያበላሽብኝ ነበርና እናንተም እንዳትታለሉ ልንገራችሁ። የገዛሁት ከአንድ የካሜራ ዕቃ ሱቅ ነው። ነጭ፣ ግራጫና ጥቁር ሆኖ በገመድ የታሰረ ላስቲክ ሲሆን ግራጫው ላይ «18%» ተጽፎበታል። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» አለኝ፤ እኔም አምኜ ከፈልኩ።

መልሱ ቤት ውስጥ ነበር፣ ማታ፣ በቢጫ አምፖል። በአውቶ ዋይት ባላንስ ሳነሳ የሙሽራዋ ነጭ ሐበሻ ቀሚስ ቅቤ የነካው መሰለ። ስለዚህ ካርዱን ሙሽራዋ ፊት አጠገብ አስያዝኩና ፍሬሙን እስኪሞላ ቀርቤ አነሳሁት። ከዚያ በካኖኔ ሜኑ ውስጥ `Custom White Balance` ገብቼ ያንን ፎቶ መረጥኩ፤ ዋይት ባላንሱንም ወደ ከስተም ቀየርኩ። (ይህን ሁለተኛውን የሚረሳ ብዙ ነው። ፎቶውን መምረጥ ብቻውን ምንም አይለውጥም።) ቢጫው ጠፋ፤ በምትኩ ግን ቀሚሱ ወደ ሰማያዊ አደላ፣ የሽማግሌዎቹ ፊትም አመድ መሰለ። አምፖሉ ነው ብዬ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው።

በማግስቱ የጓደኛዬን የቆየ ጥሩ ካርድ ተዋስኩና ሁለቱን ጎን ለጎን ጥላ ውስጥ አነሳኋቸው። ዋይት ባላንሱን በእሱ ካርድ አስተካክዬ የኔን ካርድ ላፕቶፕ ላይ ስለካው ቀይ 131፣ አረንጓዴ 124፣ ሰማያዊ 113 ሆነ። እውነተኛ ግራጫ ቢሆን ሦስቱ እኩል ወይም በጣም የተቀራረቡ መሆን ነበረባቸው። የኔው ካርድ ለካ ዓይን የማይለየው ቢጫነት አለው። ካሜራው ደግሞ ካርዱን ግራጫ ነው ብሎ ስለሚያምን፣ ያንን ቢጫ ለማጥፋት ፎቶው ሁሉ ላይ ሰማያዊ ይጨምራል። ካርዱ ወደ ሰማያዊ ያደላ ቢሆን ኖሮ በተቃራኒው ሁሉም ሰው ቢጫ ይወጣ ነበር። «18%» የሚለው ጽሑፍ የሚናገረው ካርዱ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመልስ ነው፤ ለኤክስፖዠር ይጠቅማል። ቀለም የሌለው ለመሆኑ ግን ማረጋገጫ አይደለም።

እንግዲህ ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ እንዲህ ፈትኑት። የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ነጭ ቴፍሎን ግዙና አንድ ቁራጭ ካርቶን ላይ አሥር ጊዜ ያህል ደራርባችሁ ጠቅልሉት፤ ከሳሳ የካርቶኑ ቀለም ይታያል። ቴፍሎን ከሞላ ጎደል ሁሉንም የብርሃን ቀለም እኩል ይመልሳል። ወረቀት ወይም የታጠበ ነጠላ አትጠቀሙ፤ ብዙ ጊዜ ወረቀቱም ሳሙናውም ነጭ የሚያስመስል ኬሚካል ስላለው ቀን ብርሃን ላይ ሰማያዊ ያንጸባርቃል፣ ፎቶውንም ቢጫ ያደርግባችኋል።

ካሜራችሁን ይዛችሁ በሩ አጠገብ ቁሙ። መጀመሪያ ቴፍሎኑን ፍሬም ሞልታችሁ አንሱና ከስተሙን በእሱ አስተካክሉ። በጣም ነጭ ስለሆነ ኤክስፖዠሩን ዝቅ አድርጉት፤ ከተቃጠለ ካሜራው ቀለሙን ማንበብ አይችልም። ቀጥሎ የሚሸጠውን ካርድ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ብርሃን ፍሬም ሞልታችሁ አንሱ፤ ፎከስ ባይሆንም ችግር የለም። ከዚያ ካሜራው ላይ RGB ሂስቶግራሙን ክፈቱ። የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊው ጉብታ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ካርዱ ደህና ነው። ሰማያዊው ወደ ግራ ከቀረ የኔ ዓይነት ቢጫ ካርድ ነው።

እዚያ እንዳታቆሙ ደግሞ። ወደ ውስጥ ግቡና በሱቁ መብራት ሥር ከቴፍሎኑ ጀምራችሁ ድገሙት። አንዳንዱ ካርድ ፀሐይ ላይ ልክ ሆኖ አምፖል ሥር ቀለሙ ይለወጣል፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ በብዛት ለአምፖል ነው። ላዩ የሚያብለጨልጭ ከሆነም ተዉት፤ የግድግዳውን ቀለም ተቀብሎ ወደ ካሜራው ይመልሳል።

በተበላሸ ካርድ ላነሳችሁ፣ RAW ካላችሁ አትደንግጡ። እኔ ጥሩውን ካርድ ይዤ ወደ ቤቱ ተመለስኩና ማታ በዚያው አምፖል አነሳሁት፤ ከእሱ የወሰድኩትን ዋይት ባላንስ ለሁሉም RAW ሰጠሁ። ቀሚሱ ነጭ ሆኖ ተመለሰ። ያልዳኑት አመሻሹ ላይ መስኮት አጠገብ የተነሱት ብቻ ናቸው፤ ግማሽ ፊት የመስኮት ሰማያዊ፣ ግማሹ የአምፖል ቢጫ ስለነበረ፣ ጥሩ ካርድም ቢሆን ሁለቱን ባንዴ አያስተካክልም።

ሻጩ ጋ ላፕቶፑን ይዤ ሄድኩ። «ግራጫ ነው፣ ይኸው እየታየ» ብሎ ብሬን አልመልስም አለኝ። ደረሰኝ አልተቀበልኩም ነበር። እናንተ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ «ቀለም ካሳየ እመልሳለሁ» የሚለውንም ከመክፈላችሁ በፊት ጀርባው ላይ አስጽፉት።