የቬክተርን ኮኦርዲኔት ለመቀየር፦ ተገላቢጦሽ ማትሪክስ ወይስ ስሌቱን በቀጥታ መፍታት?
በደብረ ማርቆስ ተማሪዎችን ሳስጠና ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። አዲሱ ቤዝ (2, 1) እና (1, 1) ቢሆን፣ እነዚህን እንደ ዓምድ አሰልፈን የምናገኘው ማትሪክስ P ከአዲሱ ቤዝ ወደ መደበኛው ይወስዳል እንጂ ወደ አዲሱ አያመጣም፤ አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረውም እዚሁ ላይ ነው።

ቬክተሩ (5, 3) ይሁን።

በቀጥታ ሲፈታ፦ 2a + b = 5 እና a + b = 3 ብለን ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ስንቀንስ a = 2፣ ከዚያም b = 1 ይሆናል።

በተገላቢጦሽ፦ የP ዲተርሚናንት 1 ስለሆነ ተገላቢጦሹ [1 −1፣ −1 2] ነው፤ በ(5, 3) ሲባዛም ያንኑ (2, 1) ይሰጣል።

በስሕተት በራሱ በP ያባዛ ተማሪ (13, 8) ያገኛል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ 2(2, 1) + 1(1, 1) = (5, 3)፤ በ13 እና በ8 ግን ድምሩ (34, 21) ይሆናል።

ለአንድ ቬክተር በቀጥታ መፍታቱን እመርጣለሁ። በዚያው ቤዝ ብዙ ቬክተሮችን በእጅ መቀየር ካስፈለገ ግን፣ አንድ ጊዜ የተሠራ ተገላቢጦሽ ድካሙን ይመልሳል። የቤዙ ቬክተሮች እንደ (1, 1) እና (1, 1.01) ሊገጣጠሙ ሲቃረቡ፣ በሁለቱም መንገዶች ትንሽ የልኬት ስሕተት በኮኦርዲኔቱ ላይ እጅግ ይገዝፋል።