ኮፒ ኤርፖድ ወይስ በራሱ ስም የሚሸጥ ርካሽ ማዳመጫ? ከመክፈላችሁ በፊት የሚፈተሸው

ባሕር ዳር ላይ ገመድ አልባ ማዳመጫ ሊገዛ የወጣ ሰው በአብዛኛው ሁለት ነገር ይቀርብለታል። አንዱ «ኦሪጅናል» ወይም «ማስተር ኮፒ» የሚባል ኤርፖድ ፕሮ ነው። ሌላው እንደ ኦራይሞ ያለ፣ በራሱ ስም የሚሸጥ ርካሽ ማዳመጫ ነው። ስልካችሁ ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ ወይም ሳምሰንግ ከሆነ ያለ ማመንታት ሁለተኛውን ግዙ።

ከዋጋው እንጀምር። ሁለተኛው ትውልድ ኤርፖድ ፕሮ በ2022 እ.ኤ.አ. ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ 249 ዶላር ይሸጥ ነበር። ዶላሩን በ130 ብር ብቻ ብናሰላው 32,370 ብር ይሆናል፤ ማጓጓዣውና የነጋዴው ትርፍ ገና አልተጨመረም። ስለዚህ «አዲስ፣ የታሸገ» ተብሎ 4,500 ብር የተጠራበት ዕቃ ብዙ ምርመራ አያስፈልገውም። ብዙ ሰው የሚበላው 15 እና 18 ሺህ በሚባለው ላይ ነው። ዋጋው «ከዱባይ በሻንጣ የገባ ነው» ለሚለው ወሬ ስለሚመች ገዢው መፈተሹን ይተወዋል። ዕቃው ግን ከ4,500ው ጋር አንድ ሊሆን ይችላል።

በካርቶን ላይ ብዙ አትድከሙ፤ ዛሬ ካርቶን በደንብ ይታተማል። ጠቃሚው ነገር ከጀርባው ያለው ሲሪያል ቁጥር የኬዙ ክዳን ውስጠኛ ክፍል ላይ ካለው ጋር መግጠሙ ነው። ካልገጠመ እዚያው መልሱ።

ቢገጥምስ? ሻጩ ቁጥሩን checkcoverage.apple.com ላይ አስገብቶ «ይኸው፣ አፕል ያውቀዋል» ይላል። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ኮፒ ሠሪዎች የአንድ እውነተኛ ኤርፖድ ቁጥር ወስደው በብዙ ኬዝ ላይ ያትሙታል። ገጹ የሚናገረው ስለ ቁጥሩ እንጂ በእጃችሁ ስላለው ዕቃ አይደለም። ስለዚህ ቁጥሩ መገኘቱን ሳይሆን ዝርዝሩን አንብቡ። የአፕል ዋስትና አንድ ዓመት ነው። ካርቶኑ «ዛሬ የተከፈተ» ተብሎ ገጹ ዋስትናው አልፏል ካለ፣ ወይም የሚያሳየው ሞዴል ሌላ ከሆነ፣ ቁጥሩ የተቀዳ ነው ብላችሁ ተነሱ።

ከዚህ የሚሻል ፈተና አለ፤ አይፎን ያለው ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ። ካገናኛችሁ በኋላ Settings ውስጥ የኤርፖዱን ስም ከፍታችሁ ሲሪያል ቁጥሩን ነካ ነካ አድርጉት። በእውነተኛው ላይ የግራው፣ የቀኙና የኬዙ ቁጥር ሦስት የተለያዩ ናቸው። ኮፒው ብዙ ጊዜ አንዱን ቁጥር ይደጋግማል ወይም ምንም አያሳይም። ክዳኑ ሲከፈት አይፎኑ ላይ ብቅ የምትለዋ ሥዕል አታታላችሁ፤ ኮፒውም ያወጣታል። ከአይኦኤስ 16 ወዲህ ግን ስልኩ እውነተኛነቱን ማረጋገጥ አልቻልኩም የሚል ማስጠንቀቂያ ሊያወጣ ይችላል። ሻጩ ቶሎ ብሎ ሲዘጋው ካያችሁ እንደገና አስከፍቱት።

አንድሮይድ ብቻ ካላችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ የኬዙን የጀርባ ቁልፍ መብራቱ ነጭ ብልጭ እስኪል ያዙና በብሉቱዝ አገናኙት። ጆሯችሁ ላይ አድርጋችሁ ጠብቁ። «ኮኔክትድ» ወይም «ፓወር ኦን» የሚል የሰው ድምፅ ከሰማችሁ ኮፒ ነው፤ እውነተኛው አጭር ቃና ብቻ ነው የሚያሰማው።

ድምፁን ጸጥ ባለ ሱቅ ውስጥ በዘፈን አትፈትኑ፤ ባስ የበዛበት ኮፒ እዚያ ያምራል። ሁለቱንም ጆሯችሁ ላይ አድርጋችሁ፣ ዘፈን ሳትከፍቱ፣ ባጃጅ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ቁሙና የማዳመጫውን እግር ጨመቅ አድርጋችሁ ያዙ። ድምፅ ማፈኛው ሲበራ የባጃጁ ወፍራም ጉርምርምታ ይወድቃል፤ የሰው ንግግር ግን በተወሰነ ደረጃ ይቀራል። እንደገና ስትይዙት የውጭው ድምፅ ማዳመጫ እንዳላደረጋችሁ ያህል ይመለሳል። ኮፒው ላይ ብዙ ጊዜ የምልክቱ ድምፅ ይሰማል፣ ባጃጁ ግን እንደነበረ ነው፤ ወይም ሽሽ የሚል ሹክሹክታ ይጨመራል። ይህ ኔትወርክ አይፈልግም፤ ኢንተርኔት በጠፋ ቀን የምትተማመኑበት ፈተና ይኸው ነው።

ጥገናው ላይ ኮፒው ጨርሶ ተስፋ የለውም። አንዱ ጆሮ ሲሞት መጀመሪያ ኬዙ ውስጥ ያሉትን የቻርጅ ነጥቦች በአልኮል በነካ ጥጥ ጥረጉ፤ አንዳንዴ ቆሻሻ ብቻ ነው። ካልነሳ ግን ከሌላ ኮፒ አንድ ጆሮ ገዝቶ ማጣመር አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፤ ውጫዊ መልኩ አንድ ቢሆንም የውስጥ ቦርዱ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። የእውነተኛው ጆሮም ከኮፒው ኬዝ ጋር አይግባባም። በሙጫ የተዘጋ ስለሆነ ባትሪ ልቀይር ያለ ጠጋኝ አካሉን ይሰብረዋል። በራሱ ስም የተሸጠው ርካሽ ማዳመጫ ቢያንስ የዋስትና ወረቀት አለው፤ ቀንና ማህተም አስደርጉበት።

አይፎን ይዛችሁ ኤርፖዱን የግድ ከፈለጋችሁ ያገለገለ እውነተኛ ግዙ። ሻጩ ከራሱ አፕል አካውንት ፊታችሁ ያስወጣው፤ ሦስቱን ቁጥሮች አይታችሁ፣ የባጃጁን ፈተና አድርጋችሁ፣ ከዚያ ክፈሉ።