490 ሄርዝ ወይስ 3921 ሄርዝ፦ ለኤልኢዲ መብራት የቱ ይሻላል?

ወንድሜ ደሴ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው። ከስፌት መኪናው በላይ ባለ 12 ቮልት የኤልኢዲ ስትሪፕ ገጠምንለት። ብርሃኑን የሚያደበዝዘው አርዱይኖ ኡኖ ነው፣ IRLZ44N ሞስፌትን ቶሎ ቶሎ እያበራና እያጠፋ። በ IRF540 እንዳትተኩት። በ5 ቮልት በደንብ ላይከፈት ይችላል፣ ያኔ ይግላል።

መጀመሪያ 9ኛው ፒን በራሱ በሚሰጠው 490 ሄርዝ ተውነው። ዝም ብሎ ለሚቀመጥ ሰው ምንም አይታይም። ወንድሜ ግን ብርሃኑን ዝቅ አድርጎ መኪናውን ሲነዳ አንዷ መርፌ ተቆራርጣ ብዙ መርፌ ትመስለው ነበር፣ ለሚሰፋ ሰው ደግሞ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በስልክ ካሜራ ስናየው ጥቁር መስመሮች ወጡ። ለደረጃ ወይም ለበረንዳ መብራት ከሆነ 490 ይበቃል።

3921 ላይ መርፌዋ ወጥ ሆነች። `setup` ውስጥ ይቺን መጨመር ነው፦

```
TCCR1B = (TCCR1B & 0b11111000) | 0x02;
```

`0x01` ብትሉት ወደ 31372 ሄርዝ ይወጣል፣ እኔም ሞክሬዋለሁ፣ ግን እዚያ ላይ አንድ ዙር 32 ማይክሮሰከንድ ብቻ ሲሆን በ220 ኦም ሬዚስተር በኩል የሞስፌቱን ጌት መሙላት ብቻውን ወደ 2 ማይክሮሰከንድ ይወስዳል። ስለዚህ ዝቅተኞቹ የብርሃን እርከኖች ይጠፋሉ፤ መብራቱ ጨልሞ ይቆይና ድንገት ቦግ ይላል። ሞስፌቱም የበለጠ ይሞቃል።

ለስፌት ቤቱ 3921ን መርጠናል።