በመስታወት ኳስ የሚሸጠውን የአየር ተክል ከመግዛታችሁ በፊት ታቹን አገላብጣችሁ እዩ

ወሪያ የድሬ ልጆች፣ ሐረሮችም፣ ይቺን ሳታነቡ ብር እንዳትልኩ። ሰሞኑን በቴሌግራም የሚዞር ዕቃ አለ። ክብ የመስታወት ኳስ፣ ውስጡ ትንሽዬ አረንጓዴ ተክል፣ ከሥሩ ደግሞ ውሃ የጠገበ ሞስ ተነጥፎለታል። «አፈር አይፈልግም፣ ውሃ አይፈልግም፣ በአየር ብቻ ይኖራል» ይላል ማስታወቂያው። ዋጋው ሁለት ሺህ ብር አካባቢ ነው። ተክሉ ፕላስቲክ አይደለም፣ እውነተኛ ነው። ችግሩ አቀማመጡ ላይ ነው። በዚያ ኳስ ውስጥ ከመሃሉ በስብሶ መሞቱ የማይቀር ነው፤ አንዳንዱማ ገና ሲሸጥ የጀመረው ነው።

ቲላንድሲያ ይባላል፣ ብዙ ሰው ኤር ፕላንት የሚለው። የአናናስ ዘመድ ነው። አገሩ አሜሪካ ነው፤ ከደቡባዊ ዩናይትድ ስቴትስ ጀምሮ እስከ አርጀንቲና ድረስ ዛፍና ቋጥኝ ላይ ተጣብቆ ይኖራል። ሥሩ መያዣ ብቻ ነው፣ ውሃ የሚጠጣው በቅጠሉ ነው። ቅጠሉን ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። አቧራ መስሏችሁ እንዳትጠርጉት፣ እነዚያ ነጫጭ ነጠብጣቦች ውሃ የሚመጡለት ጥቃቅን ቅርፊቶች ናቸው። ሲረጥቡ ቅጠሉ ደማቅ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲደርቁ ወደ ግራጫው ይመለሳል። ይቺን የቀለም ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ትጠቅመናለች።

ስለዚህ «ውሃ አይፈልግም» የሚባለው ውሸት ነው። ይፈልጋል፣ በደንብ ነው የሚፈልገው። ግን ጠጥቶ ቶሎ መድረቅ አለበት። በአገሩ ዝናቡ ያረጥበዋል፣ ነፋሱ ደግሞ ወዲያው ያደርቀዋል። መስታወት ኳስ ውስጥ ያስገባው ሰውዬ ነፋሱን ነው የነጠቀው።

እህቴ ሳቢያን ነው የምትኖረው፣ እሷ ገዛችው። ሻጩ «በየቀኑ ሁለት ሦስቴ ስፕሬይ አድርጊበት» አላት፣ እሷም እንደተባለችው አደረገች። ወር ሳይሞላው ሄጄ አየሁት። ከሩቅ ሲታይ ጤነኛ ነው፣ የውጪዎቹ ቅጠሎች አረንጓዴ ናቸው፣ እሷም ለእንግዳ ሁሉ እያሳየች ነው። መሃል ላይ ያለችውን ቀንበጥ በሁለት ጣቴ ይዤ ቀስ ብዬ ሳብ ሳደርጋት ምንም ሳታንገራግር ወጣች። ጫፏ ላይ ጤነኛ አረንጓዴ ናት፣ ታቿ ግን ቡናማና ሙልጭልጭ ያለ፣ ሽታውም የከረመ የአበባ ማስቀመጫ ውሃ። ከዚያ ተክሉን ከኳሱ ለማውጣት ብንሞክር እምቢ አለ፤ ለካ በሆት ግሉ ተጣብቋል። ሙጫውን ስናላቅቀው ታቹ ጥቁር ሆኖ ተልፈስፍሷል።

ለሻጩ ጻፈችለት።

«ወንድሜ፣ ተክሉ ከመሃሉ በስብሷል።»

«እህቴ፣ ውሃ አብዝተሽበት ነው።»

«በየቀኑ ርጪበት ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ?»

ከዚያ ብሎክ።

ለምን ከመሃል እንደሚጀምር ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጋ ነውና። የዚህ ተክል ቅጠሎች ታች ላይ አንዱ አንዱን አቅፎ ጥብቅ ብሎ ይቀመጣል። አዲስ ቅጠል የሚወጣበት ለስላሳው ቦታ እዚያ መሃል ተደብቆ ነው ያለው። ከላይ የሚረጨው ውሃ በቅጠሉ ተንሸራትቶ እዚያው ይጠራቀማል፤ መውጫ የለውም፣ አየርም አይደርሰውም። ውሃው ተኝቶ ሲያድር ሻጋታና ባክቴሪያ ይገባበታል፣ ለስላሳው ቦታ ይሞታል። የውጪዎቹ ቅጠሎች ግን ውስጣቸው ውሃ ስለያዙ ሳምንታት አረንጓዴ መስለው ይቆያሉ። ሻጭም የሚያመልጠው በዚህ ነው፣ እናንተ ስታውቁት ጊዜው አልፏል።

ሌላም አለ። አብዛኛው ተክል የቅጠሉን ቀዳዳ የሚከፍተው ቀን ነው፣ ይሄ ግን ማታ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያስገባው ሌሊት ነው። ማታ ረጥቦ ካደረ ውሃው ቀዳዳዎቹን ይሸፍንበታል። ስለዚህ «ማታ ማታ ርጩበት፣ ቀን ሙቀት ነው» የሚሏችሁን አትስሙ።

በአካል ሄዳችሁ የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ተክሉን በእጄ ልያዘው በሉ። አይወጣም፣ ተጣብቋል ካሏችሁ እዚያው ተዉት። ሙጫው ብቻውን ላይገድለው ይችላል፣ ግን ታቹን ይደብቃል፣ ገልብጣችሁ ማድረቅም አትችሉም። ከወጣላችሁ ታቹን በአውራ ጣት ጫን አድርጉት፤ ጠንከር ማለት አለበት፣ ከለሰለሰ ወይ ከጠቆረ በነፃም አትውሰዱት። የደረቀ ቡናማ ቅጠል ታች ላይ ቢኖር ችግር የለውም፣ አሮጌ ቅጠል ነው፣ ይላጣል። ከዚያ የመሃሏን ቀንበጥ ሳብ አድርጉ። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም ሳቡ፣ ጤነኛ ከሆነ አይወጣም። በመዳብ ሽቦ የታሰረም አትግዙ፣ መዳብ ለዚህ ዘር መርዝ ነው። ዴሊቨሪ ከሆነ ደግሞ ሂሳቡን ከመክፈላችሁ በፊት ይሄን ሁሉ እያደረጋችሁ ቪዲዮ ቅረጹ።

አሁን ወደ ውሃው። ስፕሬይ ድሬ ላይ ብዙም አይረባም፣ ተክሉ ሳይጠጣው ይተናል። መንከር ነው። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አድርጉና ተክሉን ሙሉውን አስገቡት፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል። ቅጠሉ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ጫፉ ከደረቀ በጣም ጠምቶታል ማለት ነውና ለዚያ ቀን አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ። አበባ ካወጣ አበባው ከውሃው ውጪ ይሁን። ሰዓቱ ጠዋት ነው፣ 1 ሰዓት ላይ ብትነክሩት 5 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ መድረቅ አለበት። ከውሃ ከወጣ በኋላ አራት ሰዓት ነው ገደቡ።

አንድ ዓይነት ግን እንደዚህ አይነከርም። ታቹ እንደ ሽንኩርት ያበጠ፣ ቅጠሎቹ እየተጠማዘዙ የሚወጡ ቡልቦሳ እና ካፑት ሜዱሳ የሚባሉ አሉ። ያ እብጠት ውስጡ ክፍት ነው፣ ውሃ ከገባ አይወጣም። እነዚህን ገልብጣችሁ ቅጠሎቻቸውን ብቻ ውሃ ውስጥ አድርጉ፣ እብጠቱ ውጪ ይቅር።

ማድረቁ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሰንፈው። ከውሃ እንደወጣ ታቹን ይዛችሁ ገልብጡትና ወደ መሬት ደህና አድርጋችሁ አራግፉት። የመጀመሪያው ነጠብጣብ ከውጪ ቅጠሎች ነው፣ እሱን አይታችሁ አትመኑ። ትንሽ ቆይታችሁ ድገሙት፣ ያን ጊዜ ከመሃል የሚወጣ ውሃ ታያላችሁ። ከዚያ እንደተገለበጠ ወይ በጎኑ ወንፊት ወይም ሰፌድ ላይ አስቀምጡት። ሳህን ላይ ካደረጋችሁት ውሃው ከሥሩ ይጠራቀማል። ነፋስ የሚገባበት ጥላ ቦታ ይሁን፣ የድሬ ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ ይቃጠላል። ቬንትሌተር ካላችሁ በዝቅተኛው ከሩቅ ይንፈስበት።

መድረቁን በምን ታውቃላችሁ? ቅድም ያልኳችሁ ቀለም ነው። መጀመሪያ ጫፎቹ ወደ ግራጫ ይመለሳሉ፣ መጨረሻ ላይ ታቹ። ታቹ ገና ደማቅ አረንጓዴ ከሆነ አልደረቀም። እርግጠኛ ለመሆን ሶፍት በቀጭኑ ጠምዝዙና ወደ መሃሉ ቀስ ብላችሁ አስገቡት። ረጥቦ ከወጣ ገና ነው። ደርቆ እስኪወጣ ወደ ጌጥ ቦታው አይመለስም።

ድሬ እና ሐረር አንድ ሰዓት መንገድ ቢሆኑም ለዚህ ተክል ሁለት አገር ናቸው። ድሬ በበጋ አየሩ ሞቃትና ደረቅ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፣ በሳምንት ሁለቴ መንከር ይችላል። እዚህ የሚያሰጋው ጥሙ ነው፣ ካልዘጋችሁበት በስተቀር። ሐረር ግን ከፍታ ነው፣ ይቀዘቅዛል፣ ክረምት ላይ ጀጎል ውስጥ ያሉት ክፍሎች ልብስ እንኳን በቶሎ አያደርቁም። አክስቴ ጋ ያለው በሳምንት አንዴ፣ ክረምት ላይ በአሥር ቀን አንዴ ነው የሚነከረው፣ እሱም ለአሥር ደቂቃ። ጠዋቱ ዝናብ ከሆነ ጭራሽ ይለፈው፣ ይሄ ተክል አንድ ሳምንት ቢጠማ ይችላል፣ አንድ ሌሊት ረጥቦ ማደር ግን ሊገድለው ይችላል።

የድሬ ውሃ ደግሞ ኖራ የበዛበት መሆኑን ማንቆርቆሪያችሁ ይነግራችኋል፣ ያ ነጩ ቅርፊት ቅጠሉ ላይም ይቀመጥና ውሃ የሚመጥበትን ይደፍንበታል። ዝናብ ሲገኝ ባልዲ ውጪ አስቀምጣችሁ አጠራቅሙ። ካልተገኘ ውሃውን አፍልታችሁ አቀዝቅዙት፣ ዝቃጩ ታች ሲቀር ከላይ ያለውን ብቻ ቅዱ። ከኖራው የተወሰነውን ይቀንሰዋል፣ ሁሉንም ግን አያወጣም።

አሁኑኑ ኳሱ ቤታችሁ ያለ ሰዎች፣ ዛሬውኑ ተክሉን አውጡት። ሞሱን ጣሉ፣ ሙጫውን በጥፍር ቀስ እያላችሁ አላቁት። የመሃሉ ቀንበጥ ከተነቀለ ያ ግንድ አለቀለት፣ ተመልሶ አያድግም። ግን ወዲያው አትጣሉት። የጠቆረውን ሁሉ እስከ ጤነኛው ድረስ ላጡና ደረቅ ቦታ ላይ አቆዩት፤ ታቹ ሙሉ በሙሉ ካልጠቆረ ከጎኑ ልጅ ሊያወጣ ይችላል። የእህቴ ታቹ ሁሉ ጠቁሮ ስለነበር አልተረፈም። ልጅ ካወጣላችሁ የእናቱን ሢሶ እስኪያክል አትለዩት፣ ጠዋት አንዴ ነከር አድርጋችሁ አራግፉት፣ ያ ነው።

ኳሱን ለስኳር ማስቀመጫ አድርጋዋለች።