ዘይት ሁለቴ እንዳይገዛ፦ የአስቤዛና የቤት ውስጥ ሥራ አፖች ንጽጽር

ባለፈው ወር በአንድ ቀን ሁለት ባለ አምስት ሊትር ዘይት እኛ ቤት ገባ። አንዱን ባለቤቴ ከሥራ ስትወጣ ገዛችው፤ ሌላውን እኔ። ሁለታችንም ያየነው የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የተጻፈችውን "ዘይት አልቋል" የምትል መስመር ነው። መልእክቱ ደርሷል። ግን ማን ሊገዛው እንደሄደ፣ ተገዝቶ እንደሆነም ከመልእክቱ አይታወቅም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት የአስቤዛ አፖች እያፈራረቅን ሞከርን። አራት ሰዎች ነን፤ ሦስት አንድሮይድ፣ አንድ አይፎን አለን። ስለዚህ የአፕልን Reminders ከመጀመሪያው ተውነው። ሁላችሁም አይፎን ከያዛችሁ ግን እሱን ቅድሚያ ሞክሩት፤ ስልኩ ላይ ተጭኖ ነው የሚመጣው።

ለመጀመር የሚቀለው Google Keep ነው። ነጻ ነው፤ አንድሮይድ የያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጂሜይል ስላለው አዲስ አካውንት መክፈት የለበትም። ባለ ሳጥን ዝርዝር ትከፍታላችሁ፣ የቤተሰቡን ጂሜይል ታስገባላችሁ፣ አለቀ። የተገዛው ነገር ሲነካ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ አይጠፋም። ስኳር በድጋሚ ሲያልቅ ምልክቱን ማንሳት ብቻ ነው። ችግሩ ዝምታው ነው። ባለቤቴ ቲማቲም ስትጨምር የኔ ስልክ ትንፍሽ አይልም። ዝርዝሩ ሃያ ነገር ሲደርስ ደግሞ ሽንኩርቱ ከሳሙናው፣ ሳሙናው ከሩዙ ይደባለቃል። ባልና ሚስት ብቻ ከሆናችሁ ይበቃችኋል።

Bring! በሥዕል የሚሠራ ነው። ቲማቲሙን ትነካላችሁ፣ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ገዝታችሁ ስትነኩት ይወጣል። ልጆች ወደዱት። "ገበያ ልሄድ ነው" ብሎ ለሌሎቹ የሚያስታውቅ ቁልፍም አለው፤ በዚያን ቀን ብትጫን ኖሮ ሁለተኛው ዘይት አይገባም ነበር። ግን የዕቃ ማውጫው የተዘጋጀው ለኛ ጓዳ አይደለም። ሽሮን ራሳችሁ ስትጽፉት ሥዕል ሳይሆን የመጀመሪያ ፊደሉ "ሽ" ነው የሚወጣው። በርበሬውም፣ ምስሩም፣ ጤፉም እንደዚያው ፊደል ብቻ ሲሆኑ የሥዕሉ ጥቅም ግማሹ ይቀራል።

እኛ የረጋነው OurGroceries ላይ ነው። ነጻው ማስታወቂያ ያሳያል፤ ከፍላችሁ ማጥፋት ትችላላችሁ። አንድ ኢሜይል በሁሉም ስልኮች ላይ ማስገባት ስለሚበቃ አማቴም ኢሜይል ሳያወጡ ገቡ። የወደድነው ምድቦቹን ራሳችን መሰየም መቻላችንን ነው። ከእንግሊዝኛዎቹ ይልቅ "ጉሊት"፣ "ሱፐርማርኬት"፣ "ወፍጮ ቤት" አልናቸው። ሽንኩርትን አንዴ ጉሊት ውስጥ ካስገባችሁት በሚቀጥለው ጊዜ ራሱ እዚያው ይገባል። ጉሊቷ ጋ የቆመ ሰው የጉሊቱን ብቻ ያነባል።

አንድ ወጥመድ ግን አለ፤ ፊደላችን ነው። ልጄ "እንቁላል" ትጽፋለች፣ አማቴ "ዕንቁላል"። ለኛ አንድ ነው፤ ለአፑ ሁለት የተለያየ ዕቃ ነው። አንዱ ምድብ ኖሮት ሌላው ሳይኖረው ሁለቱም ዝርዝሩ ላይ ተቀመጡ፤ ደርዘን እንቁላል የምንገዛ ሰዎች ሁለት ደርዘን ገዛን። መፍትሔው ሙሉውን አለመጻፍ ነው። ሁለት ሦስት ፊደል ጽፎ ከታች የሚመጣውን መንካት። ከዚያ በፊት ግን የተደገመውን አንዱን አጥፉት።

የቤት ውስጥ ሥራው፣ ጽዳቱና የመሳሰለው፣ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ከመምረጣችሁ በፊት የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፦ ሥራው የሚቆጠረው ከቀን መቁጠሪያ ነው ወይስ ባለፈው ከተሠራበት ቀን?

Microsoft To Do በቀን መቁጠሪያ ነው የሚሄደው። ነጻ ነው፣ ዝርዝሩን ታጋራላችሁ፣ ሥራውን በሰው ስም ትመድባላችሁ። ማቀዝቀዣውን "በየቅዳሜው" ብላችሁት ዘግይቶ ማክሰኞ ከተጸዳ ግን ከአራት ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ፣ እንደገና ይጠይቃችኋል። ልጄ "ትናንት አጸዳሁት እኮ!" ማለት የጀመረችው በዚህ ምክንያት ነው። Tody የሚቆጥረው ከተጸዳበት ማክሰኞ ነው። በየሰባት ቀኑ ካላችሁት መስመሩ ቀስ በቀስ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ይሄዳል፤ ማንም ሰው ቀዩን አይቶ ይነሳል። ለአንሶላ፣ ለመጋረጃ፣ ለምድጃ ይሄ ይሻላል። ከብዙ ስልክ ጋር አብሮ እንዲሠራ ግን መክፈል አለባችሁ። እኛ ሳንከፍል በአሮጌ ስልክ ላይ ጭነን ወጥ ቤት መደርደሪያው ላይ አስቀመጥነው።

ቆሻሻ ማውጣትን ግን እዚያ አላስገባነውም። ሰብሳቢዎቹ የሚመጡት በቀናቸው ነው፤ ከረጢቱ ሞላ አልሞላ አይጠብቁም። እሱ To Do ላይ ከነሰዓቱ፣ በኔ ስም አለ።